የደበዘዘ የጋዜጣ ቍራጭ እንዴት ይነበባል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአዊ ዞን፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ዙሪያ፣ የአጥቢያቸውን ታሪክ ለማጻፍ የሚነሡ ሰበካ ጉባኤያት ብዙ ጊዜ በእጃቸው የሚያገኙት ማስረጃ ጥቂት ነው። አንዱ ማስረጃ አባቶች በመጽሐፍ መካከል አጥፈው ያቆዩት የጋዜጣ ቍራጭ ይሆናል። ቍራጩ ስካን ተደርጎ ሲመጣ ግን ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ቀለሙ ደብዝዟል፤ ቃላቱም በምሕጻር የተሞሉ ናቸው። አንዲት ፊደል ወይም አንዲት አኃዝ በተሳሳተ ንባብ ከታሪክ መጽሔት ወደ እብነ በረድ ከተሻገረች፣ ቅዳሴ ቤቱ የተከበረበት ዓመት ለትውልድ ተዛብቶ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ቍራጭ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደምናነብ እናያለን።

ለማስረዳት እንዲመች በዘመኑ የጋዜጣ አጻጻፍ አምሳል የሚከተለውን አጭር ዜና አዘጋጅተናል። ዜናው ለትምህርት የተዘጋጀ ነው እንጂ የአንድ አጥቢያ ታሪክ አይደለም።

«በጐ፡ጠ፡ግ፡ባገው፡ምድር፡አውራጃ፡ከዳንግላ፡አጠገብ፡ያለችው፡የደ፡ገነት፡ቅ፡ማርያም፡ቤ፡ክ፡ሥራዋ፡ስለተፈጸመ፡መ፡ምሕረትና፡ሕዝቡ፡ኹሉ፡ባሉበት፡ቅዳሜ፡ጥር፡፳፩፡ቀን፡፲፱፻፵…፡ዓ፡ም፡ቅዳሴ፡ቤቷ፡ተከበረ።»

የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ በስካኑ ላይ ደብዝዟል እንበል፤ ፮ ትመስላለች፣ ፯ም ትመስላለች።

በመጀመሪያ አንባቢውን የሚያስቸግረው ሁለት ነጥብ ነው። በቀድሞው ኅትመት ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ይለያል፤ ያጠረውንም ቃል ይዘጋል። ስለዚህ ነጥቡ የቆመው ሙሉ ቃል ካለቀ በኋላ ነው ወይስ ከምሕጻር በኋላ የሚለውን መለየት ያስፈልጋል። መመሪያው ቀላል ነው፤ ብቻዋን የቆመች አንዲት ፊደል ከሞላ ጐደል ሁልጊዜ ምሕጻር ናት። «ጐ፡ጠ፡ግ፡» ጐጃም ጠቅላይ ግዛት፣ «ቤ፡ክ፡» ቤተ ክርስቲያን፣ «ዓ፡ም፡» ዓመተ ምሕረት ይሆናል። «ጠቅላይ ግዛት» የሚለው አጠራር ራሱ ዘመኑን ይጠቁማል፤ ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የጐጃም መጠሪያ «ክፍለ ሀገር» ሆኗልና።

ቀጥሎ «ባገው» የሚለውን እንመልከት። ይህን ቃል የቦታ ስም አድርጎ የሚፈልግ ሰው በየትኛውም ካርታ አያገኘውም። ቃሉ «በአገው» ነው፤ የቀድሞ ጸሓፍት እንደ ንግግሩ «በ»ን ከ«አ» ጋር አዋሕደው ይጽፉ ነበር። «ያገር ግዛት» ማለት «የአገር ግዛት» እንደሆነው ሁሉ፣ «ባገው ምድር» ማለትም «በአገው ምድር» ነው። ዛሬ አዊ ዞን የምንለው አካባቢ አብዛኛው በዚያ ዘመን አገው ምድር አውራጃ ይባል ነበር፤ «አዊ ዞን» የሚለው የአስተዳደር ስም የመጣው በ1980ዎቹ ነው። በተመሳሳይ እንጅባራን የሚፈልግ ሰው «ኮሶ በር» በሚለውም ስም መፈለግ ይኖርበታል። «ኹሉ» በኸ መጻፉም የኅትመት ስሕተት አይደለም፤ የዘመኑ ልማድ ነው። ስለዚህ ስንገለብጥ እንዳለ እንተወዋለን።

ከሁሉ የሚከብዱት ብዙ ፍቺ ያላቸው ምሕጻሮች ናቸው። «ደ፡» ደብረ፣ ደጃዝማች ወይም ደብተራ ሊሆን ይችላል። «መ፡» መምህር፣ መሪጌታ፣ መካነ ወይም መልአከ ሊሆን ይችላል። «ቅ፡» ደግሞ ቅዱስም ቅድስትም ነው። እንዲህ ሲሆን በግምት አንፈታም፤ ዐረፍተ ነገሩ ራሱ እንዲፈታልን እናደርጋለን። «የደ፡ገነት፡ቅ፡ማርያም» በሚለው ላይ «ያለችው»፣ «ሥራዋ» እና «ቅዳሴ ቤቷ» የሚሉት ቃላት ነገሩ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ መሆኑን ያሳያሉ፤ ስለዚህ «ደብረ ገነት ቅድስት ማርያም» ነው። ደጃዝማች ቢሆን ኖሮ ከስሙ በኋላ «ተገኙ» ወይም «ተሾሙ» የሚል የአክብሮት ግሥ እንጠብቅ ነበር። «መ፡ምሕረት» ግን ከሕዝቡ ጋር በሥነ ሥርዓቱ የተገኙ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ «መልአከ ምሕረት» የሚለው የአለቃ መዓርግ እንጂ «መካነ ምሕረት» የሚለው የቦታ ስም አይስማማም።

አሁን ወደ ደበዘዘችው አኃዝ እንመለስ። ፮ እና ፯ በቅርጽ የሚቀራረቡ በመሆናቸው በደበዘዘ ኅትመት ዓይን ብቻውን ሊለያቸው አይችልም። ዜናው ግን «ቅዳሜ» ይላል። ዕለቱ ከተጻፈ ደግሞ የአብነት ተማሪ የሚያውቀው ባሕረ ሐሳብ ይፈርዳል።

በመጀመሪያ 1946ን እንፈትን። 5500 ስንጨምርበት ዓመተ ዓለሙ 7446 ይሆናል። ይህን ለአራት ስንከፍለው መጠነ ራብዒቱ 1861 ነው፤ ትራፊውን አንቈጥርም። ሁለቱን ስንደምር 9307 እናገኛለን። ለሰባት ስንከፍለው 4 ይተርፋል። መስከረም 1 የሚውልበት ዕለት ሲቈጠር ትራፊው 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ ነው፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። ስለዚህ በ1946 መስከረም 1 ዓርብ ዋለ ማለት ነው። በ1947 ደግሞ ዓመተ ዓለሙ 7447፣ መጠነ ራብዒቱ 1861፣ ድምሩ 9308 ሲሆን 5 ይተርፋል፤ መስከረም 1 ቅዳሜ ዋለ።

ከመስከረም 1 እስከ ጥር 21 አራት ሙሉ ወራትና 20 ቀናት አሉ፤ ይህም 140 ቀን ነው። 140 ለሰባት ያለ ትራፊ ስለሚካፈል ጥር 21 የሚውለው መስከረም 1 በዋለበት ዕለት ነው። እንግዲህ ጥር 21 በ1946 ዓርብ፣ በ1947 ቅዳሜ ነበር። ዜናው ቅዳሜ ስለሚል አኃዟ ፯ ናት፤ ዓመቱም ፲፱፻፵፯ ነው።

ይህ ስሌት ገደብ አለው። ጥር 21 በ1941፣ በ1952 እና በ1958ም ቅዳሜ ውሏል። ስለዚህ የዐሥር ቤቱም አኃዝ ከጠፋ፣ ወይም ንባቡ በ፩ እና በ፯ መካከል ከሆነ፣ ዕለቱ ብቻውን አይፈርድም። በሌላ በኩል ዜናው «ባለፈው ቅዳሜ» ብቻ ካለ ቈጠራው ከጋዜጣው መውጫ ቀን ይነሣል፤ ጋዜጣው የወጣበትና በዓሉ የተከበረበት ቀን አንድ እንዳይመስለን። ስሌቱም ከሁለቱም ዓመታት ጋር ካልተስማማ፣ በመጀመሪያ የዕለቱን ስም ንባብ እንመርምር፤ የአታሚ ስሕተትም ሊኖር ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚረዳው ሌላ ቅጂ ነው። ቍራጩ የተቈረጠበት ጋዜጣ ከታወቀ፣ ለምሳሌ በ1917 ከተጀመረው ብርሃንና ሰላም ወይም በ1933 ከተጀመረው አዲስ ዘመን ከሆነ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው ወመዘክር ጥራዙን ጠይቆ ማስተያየት ይቻላል።

በመጨረሻም ንባቡ ሲመዘገብ ሦስት ነገሮች ተለያይተው ይጻፉ። በመጀመሪያ ጽሑፉ ከነቀድሞ አጻጻፉ እንዳለ ይገልበጥ። ከሥሩ ምሕጻሮቹ የተፈቱበት ንባብ ይቀመጥ፤ እኛ የሞላነው ፊደል ሁሉ በቅንፍ ይከበብ፤ ለምሳሌ «ደ(ብረ) ገነት»። ከዚያም አኃዟ ፯ የተባለችበት ምክንያት ከነስሌቱ ይጻፍ። በስካኑ ወይም በወረቀቱ ላይ ግን የደበዘዘውን አኃዝ በእስክሪብቶ አናድምቅ። ነገ የተሻለ መሣሪያ ወይም የተሻለ ዓይን ያለው ወንድም ሲመጣ የሚመረምረው የአባቶችን ቀለም እንጂ የእኛን አይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።