«ስሙን አስተካክሉልኝ» ሲባል የትኛው ሰነድ ነው?

አገልግሎት ፈላጊ በመስኮት ፊት ለፊት ቀርቦ «ይህን አስተካክሉልኝ» ሲል ወረቀቱን በጣቱ ያመለክታል። በኦንላይን ሲያመለክት ግን ሰነዶቹን በአንድነት አያይዞ በማስታወሻው ቦታ ላይ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ያሰፍራል። ስለዚህ የተባለው የትኛው ፋይል እንደሆነ የሚወስነው ማመልከቻውን የሚመረምረው ባለሙያ ይሆናል።

ለማሳያ ያህል በሐርቡ ከተማ የምትኖር አንዲት አመልካች ለሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት አራት ፋይሎችን ብትልክ እንመልከት። እነዚህም የልደት ምስክር ወረቀት፣ የ12ኛ ክፍል የፈተና ውጤት፣ የፋይዳ መታወቂያ ቅጂ እና ፓስፖርት ናቸው። ማስታወሻዋ «ስሙን አስተካክሉልኝ» የሚል ብቻ ነው። የአባቷ ስም በአማርኛ በተጻፈበት ሁሉ «ሰይድ» ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ግን በልደት ምስክር ወረቀቷ Said፣ በሌሎቹ ሦስት ሰነዶች Seid ተብሎ ተጽፏል።

ባለሙያው በቅድሚያ የሚያየው የፋይሎቹን ተራ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱን ሥልጣን ነው። ፓስፖርትን የሚያርመው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው፤ የፈተና ውጤትንም ሆነ ፋይዳን የሚያርሙት የሰጧቸው ተቋማት ናቸው። የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሊያርም የሚችለው የልደት ምስክር ወረቀቱን ብቻ ስለሆነ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ማስረጃ ሆነው የተያያዙ ናቸው። ልዩነቱ የሚታየውም በዚሁ ሰነድ ላይ ነው። ሁለቱ ምልክቶች ስለተስማሙ አመልካቿን «የትኛውን?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ልዩነቱ በፓስፖርቱ ላይ ብቻ ቢሆንና የልደት ምስክር ወረቀቱ ከሌሎቹ ጋር ቢስማማስ? ጽሕፈት ቤቱ ሊያርመው የሚችለው ሰነድ እንዲህ ስሕተት የሌለበት ሆኖ ሲገኝ ምልክቶቹ ይጋጫሉ ማለት ነው። አመልካቿ ማመልከቻውን ወደማይመለከተው መሥሪያ ቤት ልካው ወይም የልደት ምስክር ወረቀቱ እንደ ፓስፖርቱ እንዲሆንላት ፈልጋ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ፍላጎቶች ተቃራኒ ሥራ ስለሚጠይቁ ባለሙያው መጠየቅ አለበት።

ሌላው አሳሳች ነገር የፋይል ስም ነው። አመልካቿ ሁለት የልደት ምስክር ወረቀት ፋይሎችን scan.pdf እና scan (1).pdf በሚል ስም ብትልክ፣ «(1)» የሚለው ምልክት ሁለተኛው አዲስ መሆኑን አያሳይም። ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ሲቀመጥ መሣሪያው ራሱ የሚጨምረው ቁጥር ነው። ስለዚህ ሁለቱም ተከፍተው የምዝገባ ቁጥራቸውና የተሰጡበት ቀን ይነጻጸራል። ቁጥሩም ቀኑም አንድ ከሆነና ይዘታቸው ካልተለያየ አንድ ወረቀት ሁለት ጊዜ ተነሥቷል፤ ግልጽ የሆነው ይወሰዳል። ከተለያዩ ግን የትኛው ይታረም እንደሚባል ከአመልካቿ መስማት ያስፈልጋል።

«የመጨረሻውን ሰነድ» የሚለው አነጋገርም እንዲሁ ነው። በመጨረሻ የተላከው፣ በዝርዝሩ ግርጌ ያለው ወይም በቅርቡ የተሰጠው ማለት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ዝርዝሮች አዲሱን ፋይል ከላይ ስለሚያስቀምጡ ላኪዋና ተቀባዩ የተለያየ ተራ ሊያዩ ይችላሉ። በፋይል ስም ላይ ያለ ቀንም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። IMG_20240312.jpg በስልክ ስያሜ የተሰጠው ፎቶ ከሆነ የተነሣው በመጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ወረቀቱ ግን ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት የተሰጠ ሊሆን ይችላል።

መጠየቅ የሚገባበትን ጊዜ ለመለየት የሚረዳው መመዘኛ ስሕተቱ የሚያስከትለው ውጤት ነው። ፋይሎችን ከፍቶ ማነጻጸር ማንንም አይጎዳም፤ ስለዚህ ለዚያ ፈቃድ አይጠየቅም። የታረመ ምስክር ወረቀት አትሞ ማኅተም ማድረግ ግን ሌላ ነው። ስሙ ከዚያ በኋላ ከሌሎች ሰነዶቿ ጋር ስለሚነጻጸር ስሕተቱን ለመመለስ አዲስ ማመልከቻና ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልጋል። ጥርጣሬ ካለ ከማኅተም በፊት መጠየቅ ይገባል፤ ምላሽ እስኪመጣም ማመልከቻው ባለበት ይቆያል እንጂ በግምት አይሠራም።

ጥያቄው ራሱ ግልጽ መሆን አለበት። «ማስታወሻዎ አልገባንም» የሚል መልእክት ተገልጋይዋን እንደገና ለመገመት ያስገድዳታል። «የአባትዎ ስም በልደት ምስክር ወረቀትዎ Seid፣ በፓስፖርትዎ Said ነው። እንዲቀየር የሚፈልጉት የልደት ምስክር ወረቀቱ ነው ወይስ ፓስፖርቱ?» ተብሎ ከተጻፈ ግን በአንድ ቃል ትመልሳለች።

ተገልጋዮች የሰነዱን ዓይነት፣ አሁን ያለውን አጻጻፍና የሚፈልጉትን አጻጻፍ ከጻፉ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፦ «በልደት ምስክር ወረቀቴ ላይ Said የሚለው Seid ተብሎ ይታረምልኝ፤ ሌሎቹ ሦስት ሰነዶች ማስረጃ ናቸው።»