ከድሮን የሚወርደው ጸበል አይደለም

ዛሬ ስለ መርጫው ድሮን እንድናገር ያስገደደኝ ባለፈው ክረምት በአንድ የስንዴ ማሳ ዳር ያየሁት ነገር ነው። ድሮኑ ፀረ አረም እየረጨ ሲመላለስ ሕፃናት ከሥሩ እየተሯሯጡ፣ እናቶችም ልጅ እንዳዘሉ ነፋሱ በሚሄድበት ወገን ቆመው፣ የሚወርደውን ረቂቅ ጭጋግ እንደ ጸበል በፊታቸው ይቀበሉት ነበር። «ኧረ ዘወር በሉ!» ብል አንድ አረጋዊ «ምን አለበት ልጄ፣ ይህ እኮ እንደ ጀርባው መርጫ አያርስም፤ ጤዛ ነው» ሲሉ መለሱልኝ።

አረጋዊው ይህን ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ድሮን ገበሬውን ከሸክሙም፣ በጀርባው ላይ ከሚንጠባጠበው መድኃኒትም፣ በረጠበ ሰብል መካከል ከመመላለስም እንደሚያሳርፈው አይካድም፤ የሚያፈሰውም ውሃ በእርግጥ ጥቂት ነው። ስሕተቱ ያለው የውሃውን ማነስ እንደ መርዙ ማነስ በመቁጠሩ ላይ ነው።

ነገሩን በስሌት እንየው። ለ1 ሄክታር 1 ሊትር የታዘዘለት ፀረ አረም አለን እንበል። በጀርባ መርጫ ይህ 1 ሊትር በውሃ ተበርዞ 200 ሊትር ድብልቅ ስለሚሆን በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ የሚገኘው መድኃኒት 5 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ድሮን ግን ለዚያው ሄክታር 10 ሊትር ድብልቅ ብቻ ቢይዝ መድኃኒቱ ያው 1 ሊትር ነውና በእያንዳንዱ ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ማለትም በሕፃኑ ፊት ላይ ያረፈችው ነጠብጣብ ከጀርባ መርጫው ነጠብጣብ 20 እጥፍ የበረታች ናት። ይህን ጠንቅቆ እያወቀ፣ ኪራዩ እንዳይቀርበት ብቻ «ምንም አይልም» እያለ የሚያወራውን የድሮን አከራይ ግን እንደ የዋህ ልመለከተው አልችልም።

ጭጋጉ ወዴት እንደሚሄድ ለመረዳት የመሣሪያውን አሠራር ማወቅ ይገባል። ከታንኩ በፓምፕ ተገፍቶ የሚወጣውን መድኃኒት ኖዝሉ ወደ ደቃቅ ነጠብጣብ ይበትነዋል፤ የሚሽከረከሩት ክንፎችም ድሮኑን በአየር ላይ የሚያቆመውን ነፋስ ወደ ታች ስለሚገፉ፣ ያው ነፋስ ነጠብጣቡን ይዞ ወደ ሰብሉ ያወርደዋል፣ ቅጠሉንም እያገላበጠ ያስነካዋል። ይህ የሚሆነው ግን ድሮኑ ከሰብሉ በላይ በ2 ወይም በ3 ሜትር ከፍታ፣ በመጠነኛ ፍጥነት ሲበር ነው። ከፍ ካለ ወይም ከፈጠነ ወደ ታች የሚገፋው ነፋስ ይዳከማል፤ ደቃቁም ነጠብጣብ ለሜዳው ነፋስ ተላልፎ ይሰጣል። በዚያ ማሳ የሆነው ይኸው ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ የጎረቤት ባቄላ ቅጠሉ ተጨማድዶ ግንዱም ተጠማዝዞ ታየ፣ ስንዴው ግን ደህና ነበር፤ መድኃኒቱ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ተክል የሚገድል፣ የሣር ወገን የሆነውን ስንዴ ግን የሚምር ነበርና።

ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ኦፕሬተር የሚከተለው ሥርዓት አለው። በዋዜማው ለጎረቤቶችና ለንብ አርቢዎች ያስታውቃል፤ በማሳው ዙሪያ በእግሩ ዞሮ ዛፉንና የመብራት ሽቦውን ይለያል፤ ኖዝሎቹ እኩል መርጨታቸውን አስቀድሞ በንጹሕ ውሃ ይፈትናል። መድኃኒቱን ጓንትና መነጽር አድርጎ ይበጠብጣል፤ ሰው ከማሳው ሳይርቅ አያስነሳም፤ እርሱም የሚቆመው ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ነው። ነፋሱ በሰከንድ ከ3 ወይም ከ4 ሜትር ሲበልጥ ያቆማል፤ ነፋሱ ወደ ጎረቤት ሰብል የሚነፍስ ከሆነም በዚያ ወገን ሳይረጭ የሚተወው ጠርዝ ይኖራል። ባትሪ ለመለወጥ እንኳ ክንፎቹ ፈጽመው ሳይቆሙ አይቀርብም።

ሁለት ትናንሽ ተረቶች ደግሞ ይቀሩናል። አንደኛው «ነፋስ ፈጽሞ የሌለበት ማለዳ ከሁሉ ይሻላል» የሚለው ነው። በእንዲህ ያለ ማለዳ የጎጆ ጭስ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ በመሬት ላይ ተኝቶ ከተንሳፈፈ ቀዝቃዛው አየር ከሞቃቱ በታች ታጉሯል ማለት ነውና፣ ጭጋጉም እንደ ጭሱ ሳይወርድና ሳይበተን ሩቅ ሊጓዝ ይችላል። ሁለተኛው «ድሮኑ ራሱ ያያል» የሚለው ሲሆን፣ ቀጭን ሽቦ ከመሣሪያው ዓይን ብዙ ጊዜ ስለሚያመልጥ የሰውን ዓይን የሚተካ የለም።

እንግዲህ ገበሬዎች ሆይ፣ ኦፕሬተር ወደ ማሳችሁ ሲመጣ በመጀመሪያ «የነፋስ መለኪያህን አሳየን» በሉት፤ ከሌለው ታንኩን አትሙሉለት። ልጆቻችሁንም ወደ ቤት አስገቡ፤ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው የመግቢያ ሰዓት እስኪደርስም ማንም ወደ ማሳው አይግባ።