ወለዱ በየቅጽበቱ ቢደመርስ?

100 ብር በዓመት 100 በመቶ ወለድ ቢያስገኝ በዓመቱ 200 ይሆናል። ወለዱ በየወሩ እየተደመረ ቢታሰብ 261 ብር፣ በየቀኑ ቢሆን 271 ብር ገደማ ይደርሳል። በየቅጽበቱ ቢሆንስ? ያዕቆብ በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1683 ያነሳው ጥያቄ ይህ ነው።

ስሌቱ (1 + 1/n)ⁿ ነው። n ያለገደብ ሲያድግ ቅንፉ ወደ 1 ይጠጋል፤ አርቢው ግን ማደጉን አያቆምም። የትኛው እንደሚያይል በዓይን አይታወቅም።

መፍትሔው ሎጋሪዝም መውሰድ ነው፤ አርቢው ወርዶ ተራ ማባዣ ይሆናል፦ n × ln(1 + 1/n)። n 1000 ሲሆን ይህ 0.9995 ነው፤ n ባደገ ቁጥር ወደ 1 ይጠጋል። እዚህ ላይ ቆሞ መልሱን 1 ማለት የተለመደ ስህተት ነው። 1 የመልሱ ሎጋሪዝም ነው፤ መልሱ ራሱ e¹፣ 2.718 ገደማ ነው። ገንዘቡ 272 ብር አይሞላም። በ1/n ፈንታ 2/n ቢገባ ግን መልሱ e² ይሆናል።