ሳቀብኝ ወይስ አብሮኝ ሳቀ?

መስከረም ማለቂያ ላይ ገንዳ ውሃ ነበርኩ። ያን ጊዜ ከተማው በሰሊጥ አጫጅ ይሞላል። አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ፣ ለአጨዳ የመጣ ወጣት ሻዩ ውስጥ ስኳር ሲጨምር፣ ሲጨምር፣ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ወደ አስተናጋጇ ዞሮ «እህቴ፣ ለስኳሩ ትንሽ ሻይ ጨምሪለት!» አለ። በረንዳው በሙሉ ሳቀ። ወጣቱ ግን ፊቱ ተቀያየረ፤ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ፤ ገላጋይ ባይኖር ኖሮ ቡጢ ይሰነዝር ነበር።

ያናደደኝ ከዚያ በኋላ የተሰጠው ትንታኔ ነው። «የቆላ ሰው ቀልድ አይችልም። ሙቀቱ ደሙን ያፈላዋል። ቴዎድሮስስ የቋራ ሰው አይደል?» ተባለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ልጁ ግን ከደጋ ከመጣ ገና ሦስት ቀኑ ነበር። ደሙ መቼ ፈላ? የቀለደው ነው የቆላ ተወላጁ፤ እሱ ደግሞ እየሳቀ ነበር።

ሙቀት ሰውን ነጭናጫ እንደሚያደርግ አልክድም። ነገር ግን በአንድ በረንዳ፣ በአንድ ፀሐይ ሃያ ሰው ስቆ አንዱ ብቻ ሲቆጣ፣ ምክንያቱን ቴርሞሜትር ላይ መፈለግ የለብንም። ምክንያቱ ያለው ሳቁ በሚተረጎምበት ቦታ ነው።

ቋንቋችን ይህን በአንዲት ፊደል ይለየዋል። «ሳቀልኝ» እና «ሳቀብኝ» እንላለን። ሳቁ ራሱ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው፤ «ል» ይሁን «ብ» የሚወስነው ሰሚው ነው። ቀልድ ደግሞ ከተፈጥሮው ሁለት ፊት አለው፤ ሰውን ይነካል፣ ወዲያው ደግሞ በፊት ገጽታና በድምፅ ቃና «የምሬን አይደለም» ይላል። ሰሚው ከሁለቱ አንዱን አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ ለዚያውም ዓይን ተከድኖ እስኪከፈት ባለው ጊዜ።

ኬኔዝ ዶጅ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው ሙከራ ይህን ቅጽበት አጉልቶ ያሳያል። ወንድ ተማሪዎች ሥዕል እየገጣጠሙ ሳለ፣ በሌላ ክፍል ያለ የማያውቁት ልጅ የሠሩትን እንዳፈረሰው በድምፅ ይሰማሉ። አንዳንዶቹ ሆን ብሎ እንዳፈረሰው ይሰማሉ፤ አንዳንዶቹ ሊረዳቸው ሲል ሳያስበው እንደሆነ ይሰማሉ፤ ለቀሩት ግን ምክንያቱ ግልጽ አይደለም። ነገሩ ግልጽ በሆነ ጊዜ ተደባዳቢ የሚባሉትም ረጋ ያሉትም ልጆች ተመሳሳይ ነገር አደረጉ፤ ክፋቱን ተቆጡ፣ ስህተቱን አለፉ። ልዩነቱ የመጣው ነገሩ ባልለየበት ጊዜ ነው። ተደባዳቢዎቹ «ሆን ብሎ ነው» ብለው ተነሱ፣ ሌሎቹ «ሳያውቅ ይሆናል» ብለው ተዉት። ቀልድ እንግዲህ ሁልጊዜ ያልለየ ነገር ነው።

የደረሰ ሰሊጥ ያጨደ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። እርጥብ ሳለ ብትጎትተውም ፍሬውን አይለቅም። ከደረቀ በኋላ ግን እጅህ ገና ሲነካው ይፈነዳል፤ ፍሬው መሬት ላይ ነው። ለመፈንዳቱ እጅህን ብቻ ብትወቅስ ሳምንቱን ሙሉ ያደረቀውን ፀሐይ ረሳህ ማለት ነው። ወይም የሌሊት ዘበኛን አስቡ። አንድ ጊዜ የተዘረፈ ዘበኛ ለድመት ኮሽታም ይጮኻል። ዘጠኝ ጊዜ በከንቱ ቢጮኽ ትንሽ እንቅልፍ ነው የሚያጣው፤ አንድ ጊዜ ዝም ቢል ግን ማሳው ይሄዳል። ልጅነቱን ሲሳቅበት ያሳለፈ ሰው ይህን ሒሳብ ሳያውቀው ይሠራዋል።

የዚህ ጠርዝ ላይ የደረሱትን ሰዎች ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሐኪም ሚካኤል ቲትሴ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ «ጌሎቶፎቢያ» በሚል ስም ገለጻቸው። (በአማርኛ «የሳቅ ፍርሃት» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ ስህተት ነው። ሰውየው ሳቅን አይፈራም፣ መሳቂያ መሆንን ነው የሚፈራው። የኮሜዲያን ካሴት ብቻውን አይቶ በሳቅ ሊንፈራፈር ይችላል።) በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቪሊባልድ ሩክና ባልደረቦቹ ፍርሃቱን በ15 ጥያቄዎች መለካት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ የተገኘው አንድ ውጤት ለኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ ፍርሃቱ የበረታባቸው ሰዎች የወዳጅ ተረብንና የክፉ ፌዝን ለይተው አይሰሙም። ሌላው ሰው ለመጀመሪያው ሲስቅ ለሁለተኛው ሲያፍርና ሲቆጣ፣ እነሱ ለሁለቱም ያፍራሉ።

ፍርሃቱ ከየት መጣ? እዚህ ላይ እኔም የተማርኩት የሥነ ልቦና ሙያ እርስ በርሱ ይፋለማል። ቲትሴ ጣቱን አስተዳደግ ላይ ቀሰረ፤ ልጅን በማሳፈር የሚቀጣ ቤት፣ በኛው አባባል «ሰው ይስቅብሃል!» እየተባለ ያደገ ልጅ። የትምህርት ቤት ጉልበተኞች ሰለባ በሆኑ ሰዎች ዘንድ ፍርሃቱ ከፍ ብሎ መገኘቱም ታይቷል። ግን አብዛኛው ማስረጃ አዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው የሚናገሩት ትዝታ ነው። ዛሬ ሳቅ ሁሉ ስለት የሚመስለው ሰው ትናንቱንም በዚያው መነጽር ያያል። ፈሪ ልጅም ጉልበተኛን ይስባል፤ ስለዚህ የቱ እንደቀደመ በቀላሉ አይታወቅም። እኔ የሁለቱም መመላለስ ነው ባይ ነኝ፤ ባልደረቦቼ ግን አይስማሙም።

ወደ ቋራ እንመለስ፤ ምሳሌው መጥፎ ስላልሆነ፣ ትርጉሙ ብቻ ነው የተጣመመው። ካሳ ኃይሉ ገና ሳይነግሥ ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሉት ነበር። እናቱ በርግጥ ኮሶ ሸጣለች ወይስ ጠላት ያወራባት ነው የሚለው ያከራክራል፤ ለኛ ጉዳይ ለውጥ የለውም። በ1840ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የእቴጌ መነን የጦር አዛዥ ደጃች ወንድይራድ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎከረ። ካሳ ድል አደረገውና ማረከው። እንደሚተረከው፣ «እናቴ ዛሬ ገበያ አልቀናትም» በሚል ፌዝ ያን መራራ ኮሶ አስጋተው።

የሞተን ሰው መመርመር አይቻልም፣ አልመረምርም። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቀልድ የማይችል የተባለው ሰው ራሱ ቀልድ አዋቂ ነው፤ ቀልዱን ለባለቤቱ በኮሶ መለሰለት። የዙሪክ ሰዎችም መሳቂያ መሆንን የሚፈሩ አንዳንዶች በሌላው መሳቅ እንደሚወዱ አይተዋል። ሁለተኛው፣ ስድቡ የነካው ደሙን ሳይሆን ደረጃውን ነው። ዙፋን የሚሻ ሰው ዘሩ ሲነካ ዝም ካለ፣ ሰሚው ሁሉ እውነት ነው ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሙከራ ይህንኑ በጠባብ ኮሪደር ፈትኗል። አንድ ሰው ተማሪውን በትከሻው ገፍቶ ይሰድበዋል። ከአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች የመጡት አብዛኞቹ ነገሩ አሳቃቸው፤ ከደቡብ የመጡት ተቆጡ። የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲዞል በተሰደቡት ደቡቦች 79 በመቶ ሲጨምር፣ በተሰደቡት ሰሜኖች 33 በመቶ ብቻ ጨመረ። የደቡቡ ክብር ከከብት እርባታ ታሪክ የመጣ ነው የሚለው የተመራማሪዎቹ መላ ምት ዛሬም ያጨቃጭቃል፤ ለጊዜው ተዉት። ለኔ ዋናው ተመልካች ሰው በነበረበት ሙከራ የታየው ነው፤ የተሰደቡት ደቡቦች ተመልካቹ ወንድነቴን ዝቅ አድርጎ አየው ብለው አሰቡ።

ቀላጁም ነጻ አይወጣም። ቀልደኛ ልቡ ንጹህ መሆኑን ስለሚያውቅ ሌላውም የሚያየው ይመስለዋል። ልብ ግን ፊት ላይ አይጻፍም፤ «ቀልዴን እኮ ነው» የሚለውም ካፈረሰ በኋላ ነው የሚመጣው። የአለቃ ገብረ ሃናን ተረብ ትውልድ ሲቀባበለው ኖረ፤ የተተረበው ሰው ያን ማታ እንዴት እንደተኛ የሚተርክ ግን የለም።

ያ ልጅ ከመነሳቱ በፊት ቀላጁን አላየም ነበር። መጀመሪያ የዞረው ጥግ ላይ ወደተቀመጡት አብረውት ወደመጡ ሦስት አጫጆች ነው። ከሦስቱ ሁለቱ እየሳቁ ነበር። ከዚያ ነው የተነሳው። ሲወጣ ቀላጁ በእውነት ግራ ገብቶት «ምን አልኩት?» ብሎ ጠየቀ፤ አስተናጋጇ ያልተነካውን ሻይ አንስታ ወሰደችው።