የጋብቻ በዓል ፎቶ እንደ ድሮው ፎቶ ቤት

ወላጆች ሃያ አምስተኛ የጋብቻ ዓመታቸውን ሊያከብሩ ነው እንበል። ልጆቻቸው በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ መርጠው፣ በድሮ ፎቶ ቤት የተነሣ አስመስለው በፍሬም ሊሰጧቸው አሰቡ። እንደ ጂሚናይና ቻትጂፒቲ ያሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ፎቶና የጽሑፍ ትእዛዝ፣ ማለትም ፕሮምፕት፣ ተቀብለው አዲስ ምስል ያወጣሉ። ብዙ ሰው የሚጽፈው ትእዛዝ «ይህን ፎቶ አሮጌ የስቱዲዮ ፎቶ አድርገው» የሚል ነው። የሚመጣው ምስል ከሩቅ ያምራል። ጠጋ ተብሎ ሲታይ ግን የእናት ግንባር ላይ የነበረው ንቅሳት የለም፣ የአባት ሽበት ጠቁሯል፣ ነጠላውም ጥለቱን አጥቶ ሻርፕ ሆኗል።

ይህ የሚሆነው መሣሪያው ፊትን ከፎቶው ቆርጦ ስለማይለጥፍ ነው። ምስሉን በሙሉ እንደ አዲስ ይሥለዋል፤ ያልተነገረውን ነገር ደግሞ ሲሠለጥን በብዛት ባየው ይሞላዋል። ስለዚህ ጥሩ ትእዛዝ የሚጀምረው መለወጥ የሌለበትን በስም በመጥራት ነው። «ፊታቸውን አትቀይር» ማለት አይበቃም፤ ሽበቱ፣ ንቅሳቱ፣ የጥርሱ ፍንጭት፣ የቆዳው ቀለም እያንዳንዱ ይጠቀስ።

ሁለተኛው ችግር «አሮጌ» የሚለው ቃል ነው። መሣሪያው ቃሉን ሲያገኝ ጭረት፣ እድፍና የተቀደደ ጠርዝ ይጨምራል። ከአፄ ምኒልክ ጊዜ ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች የነበሩትን የአርመኖቹን የቦያጂያን ቤተሰብ ሥራዎች ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ የፎቶ ቤት ሥራ ንጹሕና ጥርት ያለ ነበር። ውበቱ የሚመጣው ከብርሃኑ፣ ከተሳለው መጋረጃና ከአቀማመጡ ነው። ቡናማው ቀለምም ቢሆን ሁልጊዜ የእርጅና ምልክት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ፎቶውን በኬሚካል በማጠብ ሆን ተብሎ የሚሰጥ ነበር። እንግዲህ በትእዛዙ ውስጥ ዕድሜን ትቶ ፎቶ ቤቱን መግለጽ ይሻላል።

ዓመተ ምሕረት ሲጻፍም ጥንቃቄ ያሻል። «1965» ብሎ የጻፈ ልጅ በልቡ የያዘው የእኛን ቢሆንም፣ መሣሪያው የፈረንጅ አድርጎ ይወስደዋል። የእኛ 1965 በእነሱ አቆጣጠር 1972 እና 1973 ላይ ይውላል፤ የፀጉሩና የልብሱ ፋሽንም በዚያው ልክ ይለያያል። የፈረንጁን ዓመት ጽፎ «እንደ አውሮፓ አቆጣጠር» ብሎ መጨመር ነው።

ለእነዚህ ወላጆች ትእዛዙ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«በፎቶው ላይ ያሉትን ባልና ሚስት በ1972 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አዲስ አበባ በሚገኝ ፎቶ ቤት እንደተነሡ አድርገህ ሥራ። የሁለቱም ፊት፣ ዕድሜ፣ የቆዳ ቀለም፣ የእሱ ሽበትና የእሷ የግንባር ንቅሳት በምንም መልኩ አይለወጥ፤ ቆዳቸውን አታለስልስ። እሷ ትቀመጥ፤ ነጭ የሐበሻ ቀሚሷና ባለ ጥለት ነጠላዋ ይኑር። እሱ በሙሉ ልብስ ከኋላዋ ቆሞ አንድ እጁን ትከሻዋ ላይ ያሳርፍ። ከጀርባቸው ደብዘዝ ያለ የተሳለ መጋረጃ። ለስላሳ ብርሃን ከፊት ለፊት ትንሽ ወደ ግራ። ጥቁርና ነጭ፣ ንጹሕ ህትመት፣ ቀጭን ነጭ ጠርዝ። ጭረት፣ እድፍና ጽሑፍ አይኑር።»

ብርሃኑ «ከፊት ለፊት» የተባለው በምክንያት ነው። መነሻው ፎቶ በስልክ ፍላሽ የተነሣ ስለሆነ ፊት ላይ ጥላ የለም። ከጎን የሚመጣ ኃይለኛ ብርሃን ቢታዘዝ፣ መሣሪያው በአፍንጫና በጉንጭ ላይ ጥላ ከራሱ ይፈጥራል፤ መልክ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ጽሑፍ አይኑር የተባለውም የግዕዝ ፊደል በቀላሉ ስለሚበላሽ ነው። ስማቸውንና ቀኑን ከፎቶው ጀርባ በእስክርቢቶ መጻፍ ያምራል።

መነሻው ፎቶ ሁለቱም ፊቶች ጎላ ብለው የሚታዩበት ይሁን። ከሠርግ አጀብ መካከል ተቆርጦ የወጣ ጥፍር የምታክል ፊት ለመሣሪያው በቂ መረጃ አትሰጠውም፤ የጎደለውን ከራሱ ይፈጥራል። ምስሉ ሲመጣ አንድ ስህተት ብቻ ካለበት፣ ለምሳሌ ቀለበቱ ከጠፋ፣ ያንን ብቻ እንዲያስተካክል ይነገረው። እርማቱ ሲደጋገም ግን ፊቱ በየዙሩ ጥቂት በጥቂት እየራቀ ይሄዳል። ያኔ ትእዛዙን አሻሽሎ ከመጀመሪያው ፎቶ እንደገና መነሣት ይሻላል፤ በተበላሸው ላይ መደረብ አያዋጣም።

ማተሚያ ቤት ከመሄድ በፊት የምስሉን ስፋት መመልከት ያስፈልጋል። ወርዱ 1024 ፒክስል የሆነ ምስል ጥርት ብሎ የሚታተመው ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ወርድ ድረስ ነው፤ በትልቅ ፍሬም ከተለጠጠ ይደበዝዛል። ከሁሉ በፊት ግን ወላጆቹን በየቀኑ ለሚያይ ሌላ የቤተሰብ ሰው ምንም ሳይነግሩ ምስሉን ማሳየት ነው። «እነማን ናቸው?» ብሎ ከጠየቀ አይታተም።