የዳክስሁንድ ውሾች የዲስክ በሽታ፦ ቀዶ ሕክምና አስቸኳይ የሚሆነው መቼ ነው?

ዳክስሁንድ የተባለው እግረ አጭር፣ ጀርባ ረጅም የውሻ ዝርያ በአከርካሪ ዲስክ በሽታ በእጅጉ ይጠቃል። ብዙዎች ምክንያቱ የጀርባው ርዝመት ይመስላቸዋል፤ ዋናው መንስኤ ግን እግሩን ካሳጠረው ጋር የተዛመደ የዘር ለውጥ ነው። በዚህ ለውጥ ሳቢያ የዲስኩ ለስላሳ እምብርት ገና በወጣትነት ይደርቃል፣ እንደ ኖራም ይጠጥራል። ከዚያም በተራ ዝላይ እንኳ ቀለበቱን ሰንጥቆ በመውጣት ሕብለ ሰረሰርን ይመታል፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ደረትና ወገብ በሚገናኙበት ስፍራ ነው።

የጉዳቱ መጠን በአምስት ደረጃዎች ይለካል። አንደኛው ሕመም ብቻ ነው። በሁለተኛው ውሻው እየተንገዳገደ ይራመዳል፤ በሦስተኛው እግሮቹን ቢያንቀሳቅስም መራመድ አይችልም። በአራተኛውና በአምስተኛው የኋላ እግሮቹ ፈጽሞ ሽባ ናቸው። ሁለቱን የሚለየው ጥልቅ የሕመም ስሜት መኖሩ ወይም መጥፋቱ ነው።

አንድ የአምስት ዓመት ዳክስሁንድ ጠዋት እየተንገዳገደ ታየ እንበል። ማታ መቆም አቃተው፤ በማግስቱ ጠዋት እግሮቹ ምንም አልተንቀሳቀሱም። ሐኪሙ የኋላ እግሩን ጣት አጥንት በመቆንጠጫ አጥብቆ ሲይዘው እግሩ ሽምቅቅ አለ። ባለቤቱ በዚህ ተስፋ ያደርጋል፤ ነገር ግን እግርን የሚሰበስበው ምላሽ ከጉዳቱ በታች ባለው የሕብለ ሰረሰር ክፍል ብቻ ስለሚከናወን አንጎልን አይጠይቅም። ስለዚህ መታየት ያለበት እግሩ ሳይሆን ራሱ ነው። ውሻው ዞሮ ካየ፣ ከጮኸ ወይም ለመንከስ ከሞከረ ስሜቱ አለ፤ ደረጃው አራት ነው። እግሩ ተሰብስቦ ፊቱ ካልተለወጠ ግን ደረጃው አምስት ነው። ምርመራው በሁለቱም እግሮች፣ ማደንዘዣም ሆነ ማስታገሻ ከመሰጠቱ በፊት ሊደረግ ይገባል።

ልዩነቱ ከፍተኛ ነው። ስሜቱ ያለ ውሻ በቀዶ ሕክምና ከአሥር ዘጠኝ ያህል ዕድል መልሶ ይራመዳል፤ ስሜቱ የጠፋበት ግን ግማሽ ወይም ጥቂት በለጥ ያለ ዕድል ነው ያለው። በአንደኛውና በሁለተኛው ደረጃ ያለ ውሻ ለአራት ሳምንታት ያህል በጠባብ ቤት አርፎ፣ የሕመም ማስታገሻ እየወሰደ ሊድን ይችላል። ሆኖም ከደረጃው ይልቅ የመውረዱ ፍጥነት ሊያስቸኩል ይገባል፤ ከላይ የተጠቀሰው ውሻ ወደ ቀዶ ሐኪም መላክ የነበረበት በመጀመሪያው ማታ ነበር። ስሜት ከጠፋ በኋላ «ሃያ አራት ሰዓት» የሚባለው ገደብ በጥናት ጸንቶ የተረጋገጠ አይደለም። በመሆኑም ዘግይቶ የመጣን ውሻ በመዘግየቱ ብቻ መመለስ ተገቢ አይመስለኝም።

አንድ ሁኔታ ግን ከቀዶ ሕክምናም በላይ ነው። በአምስተኛው ደረጃ ካሉት ከአሥሩ በአንዱ ያህል ሕብለ ሰረሰር ይሟሟል፤ ጉዳቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ በመጨረሻ ትንፋሽን ያስቆማል። ይህን ለመለየት የጀርባ ቆዳን ከኋላ ወደ ፊት እየቆነጠጡ መርገብገብ የሚጀምርበትን ቦታ በእስክርቢቶ ማስመር ይጠቅማል። መስመሩ ከቀን ወደ ቀን ወደ ትከሻ ከቀረበና ሆዱ ከላላ፣ ባለቤቱ ውሻው ሳይሠቃይ እንዲያርፍ ስለማድረግ ሊነገረው ይገባል።