«ሆዴን ባር ባር ይለኛል» የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ የለም፦ ስለ ድባቴ መጠይቅና ስለ ምእመናን የጭንቀት ቋንቋ

የምክር አገልግሎት ትምህርት ከሚወስዱ ተማሪዎቼ ብዙዎቹ ፒ.ኤች.ኪው-9 የሚባለውን የድባቴ መጠይቅ በስልካቸው ይዘውት ይዞራሉ። አልነቅፋቸውም፤ አጭር ነው፣ በነጻ ይገኛል፣ በአማርኛም ተተርጉሟል። ባለፉት 2 ሳምንታት ስለ ታዩ 9 ምልክቶች ይጠይቃል። እያንዳንዱ መልስ «ፈጽሞ አልነበረም» ከሆነ 0፣ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ከሆነ 3 ይሰጠዋል። ድምሩ ቢበዛ 27 ይደርሳል፤ ብዙውን ጊዜ 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው በባለሙያ እንዲታይ ይመከራል። ነገር ግን ቅጹ የሚጠይቅበት ቋንቋና ምእመኑ ጭንቀቱን የሚናገርበት ቋንቋ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ለክፍል ውይይት ያቀናበርሁትን ምሳሌ እንመልከት። ዕድሜያቸው 50 ያለፈ እናት ናቸው። ልጃቸው ለሥራ ቤይሩት ከሄደች 3 ዓመት ሆኗታል፤ ድምፅዋ ከጠፋ ደግሞ 5 ወር። ወደ መጋቢው የመጡት እንዲጸልይላቸው ነው፦ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ አይከደንም።» ጤና ጣቢያ ሄደው የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል። መጋቢው ቅጹን አውጥቶ ያነብላቸዋል። እንቅልፍ 3፣ ድካም 3፣ የምግብ ፍላጎት 1፣ ሐሳብን መሰብሰብ 1፤ የቀሩት 5 ጥያቄዎች 0። ድምሩ 8 ነው። መጋቢው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድባቴ አይደለም» ይላል።

ዜሮዎቹ ከየት መጡ? የመጀመሪያው ጥያቄ ነገሮችን ለማድረግ ፍላጎትና ደስታ ስለ ማጣት ነው። እርሳቸው ግን የሰሙት ስለ መዝናናት የተጠየቁ መስሏቸው ነው፤ «በእኔ ዕድሜ ምን ደስታ አለ ልጄ?» ብለው አለፉት። ሁለተኛው ስለ ማዘንና ተስፋ ስለ መቁረጥ ነው። ለዚህ «ተመስገን ነው፤ ጌታዬን አላማርርም» አሉ። አማኝ እናት በመጋቢዋ ፊት ተስፋ ቆርጫለሁ ማለት እምነት ማጣት ይመስላታል። ስለዚህ ያ ዜሮ የእምነት ምስክርነት እንጂ ልኬት አልነበረም።

መጋቢው እንደገና፣ በሌላ በኩል ይግባ። «ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት ከተዉ ስንት ጊዜ ሆነዎት? የእናቶች ጸሎት ላይስ?» 5 ወር፤ እንደ ድሮው ደስ የሚላቸው ቀን የለም። የመጀመሪያው ጥያቄ 3 ሆነ። «ብቻዎን ሲሆኑስ?» አብዛኛውን ቀን ያለቅሳሉ፤ ሁለተኛው 2። ድምሩ 13 ደረሰ። ከድምሩ በላይ ግን ይህን ልብ እንበል፦ ከባድ ድባቴ ለመባል ከእነዚህ ከሁለቱ ምልክቶች ቢያንስ አንዱ መኖር አለበት። የተሰወሩት እነዚያው ነበሩ።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት አርተር ክላይንማን በ1980 በቻይና ሁናን «የነርቭ ድካም» የተባሉ 100 ሕሙማንን ሲመረምር 87ቱ የከባድ ድባቴን መስፈርት አሟልተው ተገኙ። ለሐኪም ይናገሩ የነበረው ግን በአብዛኛው ስለ ራስ ምታትና ስለ እንቅልፍ ማጣት ነበር። ያም ሆኖ ክላይንማን ራሱ፣ በአንድ ባሕል የተዘጋጀን የሕመም መደብ በሌላው ላይ ጭኖ «አገኘሁት» ማለት ስሕተት መሆኑን አስጠንቅቋል። በዚምባብዌ ሌላ መንገድ ተሞከረ። በ1990ዎቹ ቪክራም ፓቴልና ባልደረቦቹ ከሾና ተናጋሪዎች አባባል ተነሥተው 14 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አዘጋጁ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ ብዙ ስለ ማሰብ ነው። የእኛም ሰው «ሐሳብ በዛብኝ» ሲል ከዚህ አይርቅም። (በመዝሙር 31 ዳዊት ኀዘኑን የሚቆጥረው በዓይኑ፣ በሆዱና በአጥንቱ መሆኑንም ያስታውሷል።)

ስሕተቱ በተቃራኒውም ይመጣል። በጾም ጸሎት ላይ ያለ ወጣት «የምግብ ፍላጎት» ለሚለው 2፣ ራስን ስለ መኮነን ለሚለው ደግሞ 3 ሊሰጥ ይችላል፤ «ከኃጢአተኞች ዋና ነኝ» የዕለት ጸሎቱ ነውና።

በዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ግን በባሕል ማሳበብ አደገኛ ነው። ይህ ጥያቄ ሁለት ነገር በአንድ ይጠይቃል፦ ብሞት ይሻለኛል ማለትንና ራስን የመጉዳት ሐሳብን። «ጌታ ቢወስደኝ» የሚል ሽማግሌና መርዝ የገዛ ወጣት እኩል ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ። ኤልያስም ከክትክታው በታች ሞትን ለምኗል፤ ይህ ግን ማንንም ሳንጠይቅ እንድናልፍ አይፈቅድልንም። በግልጽ፣ ለብቻ እንጠይቅ፦ «ራስዎን ለመግደል አስበው ያውቃሉ? በምን መንገድ?» መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ አያስገባም። መልሱ አዎን ከሆነ ብቻቸውን አይተዉ፤ ጸረ-ተባይና ገመድ ከቤት ይውጣ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

እኚህ እናት ተጠይቀው «ኧረ የለም፣ ልጄ ስትመጣ ማን ይቀበላት?» አሉ። መጋቢው ለጤና ጣቢያው በጻፈው ማስታወሻ መጀመሪያ የእርሳቸውን ቃል፣ ቀጥሎም ከ8 ወደ 13 እንዴት እንደ ተደረሰ አሰፈረ። ልጅቱን የላከውን ኤጀንሲ የማፈላለጉ ሥራ ቅጹ ላይ ቦታ ስለሌለው፣ ለዚያ ከሽማግሌዎች አንዱ ተመደበ።